ስም ዝርዝሩም መልዕክት ነው

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ለብዙ አፍጋናውያን በአንድ ጊዜ ኢሜይል ላከ። ታሊባን ካቡልን ከያዘ አምስት ሳምንት አልፎት ነበር። ተቀባዮቹ ከብሪታንያ ጋር በመሥራታቸው ከአገር እንዲወጡ ሊረዱ ይገባል የተባሉ ሰዎች ናቸው። ማንነታቸው በታሊባን ቢታወቅ ሕይወታቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። አደጋ ላይ የጣላቸው ግን የደብዳቤው ቃል ሳይሆን የተቀባዮቹ ዝርዝር ነው። አድራሻዎቹ በሙሉ To በሚለው መስመር ላይ ስለገቡ የ245 ሰዎች መረጃ ለሁሉም ተቀባዮች ታየ። የ55ቱ ፎቶግራፍ እንኳ ከአድራሻቸው ጎን ይታይ ነበር። ሁለት ሰዎች ደግሞ መልሳቸውን ለላኪው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ላኩ፤ ከሁለቱ አንዱ ያለበትን ቦታ ጭምር ጽፎ ነበር።

ሚኒስቴሩ ስህተቱን እንዳወቀ ተቀባዮቹ ኢሜይሉን እንዲያጠፉና የኢሜይል አድራሻቸውን እንዲቀይሩ ጠየቀ። የውስጥ ምርመራ ሲደረግ በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ስህተት ተፈጽሞ እንደነበር ታወቀ፤ በሦስቱም ስህተቶች የተጋለጡት አድራሻዎች 265 ሆኑ። በዲሴምበር 2023 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣ።

አድራሻዎቹ ከሁለት መስመር በታች፣ Bcc በሚለው ቦታ ቢጻፉ ኖሮ ተቀባዮቹ አንዱ የሌላውን አድራሻ ባላዩ ነበር። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ኢሜይል የሰው ሕይወት የሚያስጠፋ አይደለም። ሆኖም የትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ፣ የማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት መልዕክት ለብዙ ሰው በላክን ቁጥር እነዚያው ሦስት መስመሮች ይጠብቁናል። ማንን የት እንደምናስቀምጥ ስንወስን እያንዳንዱ ተቀባይ ስለሌላው ምን ሊያውቅ እንደሚችል እየወሰንን ነው።

ሦስቱ መስመሮች

To ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ስፍራ ነው። መልስ የምንጠብቀው ወይም ሥራ እንዲሠራልን የምንፈልገው ከእሱ ነው። Cc ጉዳዩን ማወቅ ያለበት፣ ግን ምንም እንዲያደርግ ያልተጠየቀ ሰው ስፍራ ነው። በሁለቱ መስመሮች ላይ ያሉ አድራሻዎች ለተቀባዩ ሁሉ በግልጽ ይታያሉ። በBcc ያለው ሰው ግን መልዕክቱ ይደርሰዋል እንጂ አድራሻው ለሌሎች አይታይም። በBcc መቶ ሰው ቢኖር መቶዎቹም እርስ በርስ አይተያዩም፤ የሚያያቸው ላኪው ብቻ ነው።

ይህ ሊሆን የቻለው ኢሜይል ልክ እንደ ወረቀት ደብዳቤ ፖስታና ደብዳቤ ተለያይተው የሚጓዙበት ሥርዓት ስለሆነ ነው። እኛ የምናነበው To እና Cc በደብዳቤው ራስጌ ላይ የተጻፈው ነው። ኢሜይሉን የሚያደርሱት ኮምፒውተሮች ግን የሚከተሉት እኛ የማናየውን የፖስታውን አድራሻ ነው። በBcc የገባ አድራሻ ፖስታው ላይ ይጻፋል፤ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ግን አይሰፍርም። ስለዚህ Bcc ምስጢራዊ ቁልፍ ወይም ጥበቃ አይደለም። ያልተጻፈ ነገር አይነበብም፤ ጉልበቱ እሱ ብቻ ነው። ከታች እንደምናየው ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ግልባጭ ለማን?

የአገራችንን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው Cc አዲስ አይሆንበትም። ደብዳቤው ካለቀ፣ ፊርማና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ «ለሰው ሀብት አስተዳደር»፣ «ለሂሳብ ክፍል» እየተባለ ይዘረዘራል። እዚያ የተጠቀሰው ክፍል ደብዳቤው የደረሰው ለመረጃ ነው፤ ወይም ጉዳዩ በሥራው በኩል ስለሚያልፍ ነው። ዋናው ባለጉዳይም ግልባጩ የት የት እንደደረሰ ከዚያው ከገጹ ያነብባል። Cc የተሠራው ለዚህ ነው።

በወረቀት ጊዜ እያንዳንዱ ግልባጭ መታተምና ለየክፍሉ መድረስ ስላለበት ጸሐፊው ዝርዝሩን ያሳጥር ነበር። ኢሜይል ያን ድካም ስላስቀረ ዛሬ ሰዎችን በCc መደርደር ቀላል ሆኗል። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በየቀኑ የማይመለከተው ግልባጭ የሚደርሰው ኃላፊ በጊዜ ብዛት ግልባጭ ማንበቡን ይተዋል፤ የሚመለከተው ግልባጭ ሲመጣም አያየውም። ሁለተኛው፣ ግልባጭ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለሥራ ባልደረባዎ «ሪፖርቱ ምን ደረሰ?» ብለው ሲጽፉ አለቃውን በCc ካስገቡ፣ ጥያቄው ክስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አለቃው ማወቅ ካለባቸው ያስገቡ፤ ግን ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። «በጀቱን የሚያጸድቁት እሳቸው ስለሆኑ በግልባጭ አስገብቻቸዋለሁ» ማለት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

በCc የገባ ሰው ሥራ እንዲሠራ መጠበቅም ስህተት ነው። ከሰባት ተቀባዮች መካከል በግልባጭ ያሉት አንዷ ባለሙያ አንድ ቁጥር እንዲያጣሩ ከፈለጉ፣ ቦታቸው To ነው፤ ስማቸውም በደብዳቤው ውስጥ ተለይቶ መጠራት አለበት። መልስ ሳይመጣ ቀርቶ ሲጣራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «በግልባጭ ስለነበርኩ ለመረጃ መስሎኝ ነው» የሚለው ቃል ነው፤ እንዲህ ያሉትም ሰው እውነታቸውን ነው።

Bcc መቼ ይጠቅማል? ድንበሩስ የት ነው?

የBcc ዋና ሥራ የማይተዋወቁ ሰዎችን እርስ በርስ አለማጋለጥ ነው። አንድ ክሊኒክ ለታካሚዎቹ፣ አንድ ቀጣሪ ለሥራ አመልካቾች፣ አንድ ማኅበር መዋጮ ላልከፈሉ አባላት ሲጽፍ፣ በዝርዝሩ ውስጥ መገኘት ብቻውን ስለሰውየው ይናገራል፤ ታካሚ ነው፣ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ዕዳ አለበት ያሰኛል። ብዙ ሰው አድራሻውን በሙሉ ስሙ ስለሚከፍት ዝርዝሩን ያየ ሰው ማንነቱን ለማወቅ አይቸገርም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን አድራሻ ሰብስቦ መያዝ ኃላፊነት እንደሚያስከትል ማንኛውም ድርጅት ሊያውቀው ይገባል።

ሌላ ጨዋ አጠቃቀምም አለው። ሁለት ሰዎችን ያስተዋወቀ ሦስተኛ ሰው ሥራው አልቋል፤ የሁለቱን ምልልስ እስከ መጨረሻው መከታተል የለበትም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲመልስ አስተዋዋቂውን ከTo ወደ Bcc ያዛውርና «ስላገናኙን እናመሰግናለን፤ እንዳንቸገርዎ ወደ Bcc አዛውረንዎታል» ብሎ ይጽፋል። አስተዋዋቂው መልዕክታቸው እንደደረሰ በዚህ ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ግን አይደርሳቸውም።

የማይመከረው Bcc ሰውን በስውር ለማስደመጥ የሚውለው ነው። ለባልደረባ ቅሬታ እየጻፉ አለቃን በBcc ማስገባት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ይህ እምነት ከማፍረሱም በላይ ምስጢሩ የቆመው በጣም በቀጭን ክር ላይ ነው። በBcc የገባው ሰው ራሱ Reply all የሚለውን ከነካ፣ መልሱ ላኪውን ጨምሮ በTo እና በCc ላሉት ሁሉ ይደርሳል፤ ተደብቆ ሲያነብ እንደነበርም በዚያች ቅጽበት ይታወቃል። አለቃዎ ምልልሱን ማወቅ ካለባቸው ደህናው መንገድ ኢሜይሉን ለባልደረባዎ ብቻ ልኮ፣ ቀጥሎ ከተላኩ መልዕክቶች ሳጥን አውጥቶ ለአለቃ ማስተላለፍ ነው። በዚህ መንገድ የአለቃው መልስ ለእርስዎ ብቻ ይመጣል።

Bcc የማይሸፍናቸው ነገሮችም አሉ። አድራሻን ይደብቃል እንጂ የመልዕክቱን ይዘት አይጠብቅም፤ ተቀባዩ ለፈለገው ሰው ሊያስተላልፈው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትክክለኛውን መስመር መምረጥ በአንድ ሰው ጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዚህ ነው የብሪታንያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ለብዙ ሰው ሲላክ በBcc ብቻ መተማመን አይገባም ያለው። እንዲህ ላለው ሥራ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ለየብቻው ኢሜይል የሚልኩ የጅምላ መላኪያ አገልግሎቶች አሉ። በእነሱ ሲላክ ሁሉም የሚያየው የራሱን አድራሻ ብቻ ነው፤ የሚሳሳቱበት መስመርም አይኖርም።

አንድ ጸሐፊ፣ ሦስት ደብዳቤ

እስካሁን ያልነውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንየው። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍያ በአንድ ቀን ሦስት ኢሜይል መጻፍ አለባት እንበል።

የመጀመሪያው ክፍያ ላላጠናቀቁ 38 ወላጆች ነው። በTo ወይም በCc ብትደረድራቸው እያንዳንዱ ወላጅ የሌሎቹን 37 ዕዳ ያውቃል። ስለዚህ በTo የትምህርት ቤቱን የራሱን አድራሻ ታስገባለች፤ ወላጆቹን በሙሉ በBcc። ስልክ ላይ በጂሜይል የምትጽፍ ከሆነ Cc እና Bcc መጀመሪያ አይታዩም፤ ከTo ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነካ ይወጣሉ። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ይህ ማስታወሻ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍያ ላልተጠናቀቀላቸው ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ የተላከ ነው። አድራሻችሁ ለሌሎች ተቀባዮች አይታይም። ክፍያውን እስከ መጋቢት 20 ድረስ እንድታጠናቅቁ በአክብሮት እንጠይቃለን። ከፍላችሁ ከሆነ የደረሰኙን ፎቶ ለዚሁ አድራሻ መልሳችሁ ላኩልን።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ቢመስልም ሥራ አለው። በBcc የደረሰው ሰው መልዕክቱን ሲከፍት የራሱን ስም የትም አያገኘውም። ለማን እንደተጻፈ ካልተነገረው ወይ ለእሱ ብቻ የመጣ ተግሣጽ ይመስለዋል፣ ወይ የአጭበርባሪ ኢሜይል ብሎ ይጠረጥራል። ለእነማን እንደተላከና ሌሎች እንደማያዩት በግልጽ መናገር ሁለቱንም ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ለሥራ ባልደረቦቿ ነው። የሂሳብ ሹሙ የክፍያ ዝርዝሩን ማጣራት፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ደግሞ ያልደረሱ ስልኮችን ማሟላት አለባቸው። ሁለቱ በTo ይገባሉ። ርዕሰ መምህሩ ሂደቱን ማወቅ ስላለባቸው በCc ይገባሉ። ሰላምታው በTo ያሉትን ሁለቱን በየስማቸውና በየማዕረጋቸው ይጠራል፤ በCc ያሉትን አይጠራም። ቀጥሎ የማን ሥራ ምን እንደሆነ በየመስመሩ ይጻፋል። «ዝርዝሩ ቢጣራ ጥሩ ነው» ከተባለ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። «ዝርዝሩን የሂሳብ ሹሙ እስከ ሐሙስ አጣርተው ይልኩልኛል» ከተባለ ግን ሥራው ባለቤት አገኘ።

ሦስተኛው ለወላጅ ኮሚቴ ሰባት አባላት ነው። የሚተዋወቁና የተመረጡ ናቸው፤ ስለ ክፍያው ጊዜ አብረው ተወያይተው መወሰን አለባቸው። እዚህ Bcc ቢገባ ስህተት ይሆናል። አንዱ የመለሰው ለሌላው አይደርስም፤ ጸሐፊዋም ሰባት የተለያየ መልስ ይዛ መካከላቸው ስትመላለስ ትውላለች። ሰባቱም በTo፣ በግልጽ ይቀመጣሉ። የሦስቱ ደብዳቤዎች ጉዳይ አንድ ሆኖ ሳለ የተቀባዮቹ ቦታ የተለያየው፣ ተቀባዮቹ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ስለሚለያይ ነው።

ብዙ ሰውን አንድ ላይ መጥራት

አማርኛ ለጸሐፊው አንድ ተጨማሪ ውሳኔ ይሰጠዋል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ሳይባል ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። ለብዙ ሰው ሲጻፍ ደህናው «እናንተ» ነው። በBcc ለ38 ሰው እየጻፉ «እርስዎ» ማለት አክብሮት ቢመስልም እያንዳንዱ ለብቻው የተጠራ ስለሚመስለው ያሳስታል። በ«እናንተ» የጠፋውን አክብሮት «የተከበራችሁ» የሚለው ሰላምታና «በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ቃል ይመልሰዋል።

በስም መጥራት የሚያምረው ተቀባዮቹ ሦስት አራት ሲሆኑ ነው። ከዚያ ካለፉ በወል መጠሪያቸው መጥራት ይሻላል፤ «ውድ የኮሚቴ አባላት»፣ «የተከበራችሁ የክፍል ኃላፊዎች» ይባላል። ስሞቹ ከተዘረዘሩ ግን አንዱን በማዕረግ ሌላውን በባዶ ስሙ መጥራት አይገባም፤ ለአንዱ «ዶክተር» ካልን ለሌላው «አቶ»ን ወይም «ወይዘሮ»ን አንንፈግ። ቅደም ተከተሉም ይነበባል። ደረጃ በሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት እንደ ኃላፊነታቸው፣ ደረጃ በሌለበት ቡድን በፊደል ተራ ማስቀመጥ ቅሬታ አይፈጥርም።

ሌሎች እያነበቡ ለአንድ ሰው ሥራ ስንሰጥም አንዱን «አንተ» ሌላውን «እርስዎ» እያሉ መቀላቀል ደስ አይልም። ሁለት ጓደኛሞች ብቻቸውን የሚባባሉት «አንተ» ስድስት ሰው በሚያነበው ደብዳቤ ላይ ንቀት ሊመስል ይችላል። ሁሉንም በስማቸው ጠርቶ በአክብሮት አንቀጽ «ያዘጋጃሉ»፣ «ይልካሉ» ማለት ለሁሉም እኩል ይሆናል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን አጠራር ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃን ለመሰለ፣ ማን እንደሚያነበው ለማይታወቅ ወረቀት እንተወው። የምናውቃቸውን ሰዎች እንዲህ መጥራት ጉዳዩ ማንንም እንዳይመለከት ያደርጋል።

ስህተት ሲፈጠር

በብሪታንያ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃትን ይመረምር የነበረ ገለልተኛ አጣሪ አካል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2017 ለ90 ተሳታፊዎች በBcc ኢሜይል ላከ። መስመሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ስህተት ተገኘና ማረሚያ ተላከ፤ በማረሚያው ላይ አድራሻዎቹ To ላይ ገቡ። በዚህም የጥቃት ሰለባ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች እርስ በርስ ተጋለጡ፤ ከአድራሻዎቹ 52ቱ ሙሉ ስም የያዙ ነበሩ። ቀጥሎ ተቀባዮቹ ኢሜይሉን እንዲያጠፉ የሚጠይቁ መልዕክቶች ሲላኩ አንደኛው ብቻ 39 የReply all መልሶችን አስከተለ። ቅጣቱ 200,000 ፓውንድ ሆነ። አደጋው የደረሰው በመጀመሪያው ሳይሆን በጥድፊያ በተላከው ማረሚያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ የላኩት ኢሜይል ስህተት እንዳለበት ካወቁ መጀመሪያ እጅዎን ከReply all ያንሱ። በጂሜይል Undo Send የሚል ምልክት ከላኩ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይታያል። ጊዜውን በቅንብሩ ውስጥ ከ5 ሴኮንድ እስከ 30 ሴኮንድ ማራዘም ስለሚቻል ዛሬውኑ 30 ላይ ማድረጉ ይበጃል። ያ ካለፈ የተላከ ኢሜይል ወደ ሌላ ድርጅት ሰው ሳጥን ገብቶ አይመለስም። በአውትሉክ ያለው የመልሶ መጥሪያ ዘዴ የሚሠራው በአንድ ድርጅት ውስጥ ላለ ተቀባይ ነው። የሚቀረው አዲስ ኢሜይል ከፍቶ፣ ተቀባዮቹን በBcc አስገብቶ፣ ምን እንደተጋለጠ በግልጽ ነግሮ ይቅርታ መጠየቅ፣ ማንም ለሁሉም እንዳይመልስና መልዕክቱን እንዲያጠፋ መለመን ነው። በመሥሪያ ቤት ከሆነ ለኃላፊ ወዲያው ማሳወቅም የግድ ነው፤ የተጋለጡት ሰዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ስህተቱ እንዳይፈጠር የሚረዳው ልማድ ግን ቀላል ነው፤ አድራሻውን መጨረሻ ላይ መጻፍ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ አባሪው ተያይዞ፣ ተነቦ እስኪያልቅ ሦስቱም መስመሮች ባዶ ይሁኑ። ያኔ ሳይታሰብ የተነካ የመላኪያ ምልክት ማንም ጋ አይደርስም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄ ይቀርባል። ይህ ሰው የሚሠራው ነገር አለ? ካለ To። ማወቅ ብቻ ይበቃዋል? Cc። ስሙን ከሌሎቹ ጎን ማየት የሌሎቹ መብት ነው? ካልሆነ Bcc፤ መጋለጡ ሰውየውን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ለየብቻው ይላክለት። ዝርዝሩ ረጅም በሆነ ጊዜ ሌላ ሰው ከመላኩ በፊት ቢያየው ይመረጣል። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ከዚያ አደጋ በኋላ ያወጣው አሠራር ይኸው ነው፤ ለብዙ ሰው የሚላክ ኢሜይል ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይወጣም።